ከታገደ አካውንት የግል መረጃን ማስወጣት፦ የአንድ ደብዳቤ አጻጻፍ

አካውንታቸው የተዘጋባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሯሯጡት «አካውንቴን መልሱልኝ» በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ቅጽ ይሞላሉ፣ የመታወቂያ ፎቶ ይልካሉ፣ ይጠብቃሉ። መመሪያ ጥሰዋል የሚል አጭር መልስ ይመጣል፤ አንዳንዴም ምንም አይመጣም። ያን ጊዜ ተስፋ ይቆርጡና አሥር ዓመት የተጠራቀመው ፎቶ፣ በሕይወት ከሌለ ዘመድ ጋር የተጻጻፉት መልእክት፣ የደንበኞች ትእዛዝ ሁሉ አብሮ እንደ ጠፋ ይቆጥሩታል።

ብዙዎች የማያነሱት ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ «ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ቅጂ ስጡኝ» የሚለው። ይህ ጥያቄ አካውንቱ በአግባቡ ተዘጋ ወይስ በስህተት ከሚለው ክርክር ጋር አይገናኝም። አከራይ ውል ፈርሷል ብሎ ተከራዩን ከቤት ሊያስወጣ ይችላል፤ የተከራዩን አልጋና ሣጥን ግን የእኔ ነው ሊል አይችልም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ የግል መረጃን በሚመለከት የያዘው አቋም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ይግባኙ ውድቅ የሆነበት ሰውም ቢሆን የመረጃውን ቅጂ የማግኘት መብቱ አብሮ አይወድቅበትም።

የመብቱ ምንጭ ጂዲፒአር እየተባለ የሚጠራው የኅብረቱ አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ ነው። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2018 ሲሆን፣ አንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ስለ እሱ የተያዘውን መረጃ ቅጂ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። አንቀጽ 12 ደግሞ ድርጅቱ በአንድ ወር ውስጥ፣ ያለ ክፍያ፣ እንዲመልስ ያስገድዳል። ጠያቂው ለምን እንደፈለገው መናገር አይጠበቅበትም። ይህን የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ግልጽ አድርጎታል። ጉዳዩ ጥርስ ሐኪሙን ሊከስ አስቦ የሕክምና ማኅደሩን ቅጂ የጠየቀ አንድ ጀርመናዊ ታካሚ ነበር። ሐኪሙ ወጪውን ክፈል አለው፤ ፍርድ ቤቱ ግን የመጀመሪያው ቅጂ በነጻ መሰጠት እንዳለበትና የጠያቂው ዓላማ ክስም ቢሆን መብቱን እንደማያስቀር ወሰነ።

መብቱ በተግባር ምን ሊያወጣ እንደሚችል ቀደም ብሎ ያሳየው ማክስ ሽሬምስ የተባለ የቪየና የሕግ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011፣ ጂዲፒአር ከመውጣቱ በፊት በነበረው ሕግ፣ ፌስቡክ የያዘበትን መረጃ ጠየቀ። የተላከለት ሰነድ 1,222 ገጽ ነበር። በውስጡ እሱ ራሱ አጥፍቻቸዋለሁ ብሎ ያሰባቸው መልእክቶችም ነበሩበት።

እንግዲህ አንድ ጉዳይ እንያዝ። ጉዳዩ ለማስረጃ ያህል የተቀናበረ ቢሆንም በውስጡ ያለው ችግር ሁሉ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ የሚገጥማቸው ነው። አንዲት ስቶክሆልም የምትኖር ሴት በፌስቡክ አካውንቷ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች እንበል። የደንበኞቿ ልክ፣ የጥለት ምርጫ፣ የቀብድ ደረሰኝ ያለው በመልእክት ሣጥኗ ነው። አንድ ጠዋት ስትከፍተው ታግዷል። ይግባኝ ብትል አልተመለሰላትም። «መረጃዎን ያውርዱ» ወደሚለው ገጽ ብትሄድ መጀመሪያ ሎግኢን እንድታደርግ ይጠይቃታል፤ ሎግኢን ስታደርግ ደግሞ የእገዳውን ማስታወቂያ ያሳያታል።

ደብዳቤ ከመጻፏ በፊት ሁለት ነገር ታጣራለች። አንደኛው ያንኑ የእገዳ ማስታወቂያ እስከ ታች ድረስ ማንበብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ መረጃ የማውረጃ ሊንክ እዚያው ይቀመጣል፣ ካለ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሁለተኛው ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ ማወቅ ነው። ተጠያቂው አፑን የሠራው ስም ሳይሆን በሕግ «መረጃ ተቆጣጣሪ» የሚባለው ድርጅት ነው፤ ይህም በግላዊነት ፖሊሲው ውስጥ ከዳታ ጥበቃ ኃላፊው አድራሻ ጋር እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል። በአውሮፓ ለሚኖር የፌስቡክ ተጠቃሚ ድርጅቱ ደብሊን የተቀመጠው ሜታ ፕላትፎርምስ አየርላንድ ሊሚትድ ነው። ጉግልና ቲክቶክም ለአውሮፓ ተጠቃሚዎቻቸው የሚጠየቁት ደብሊን ባሉት ኩባንያዎቻቸው በኩል ነው። ደብዳቤው ለማስታወቂያ ክፍል ወይም በአጋጣሚ ለተገኘ የሠራተኛ ኢሜይል ከተላከ ድርጅቱ አልደረሰኝም ቢል ያስኬደዋል።

ቀጥሎ ማንነቷን ማስረዳት አለባት። ይህን እንደ ቢሮክራሲ አይቶ መናደድ ተገቢ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የኦክስፎርድ ተመራማሪ በእጮኛው ፈቃድ፣ በእሷ ስም ሆኖ፣ ለበርካታ ድርጅቶች የመረጃ ጥያቄ ላከ፤ መረጃዋ ከነበራቸው ድርጅቶች ሩብ ያህሉ ማንነቱን በቅጡ ሳያጣሩ አስረከቡት። ስለዚህ ማጣራቱ የሚጠብቀው ባለቤቷን ራሷን ነው።

የእኛ ሰዎች የሚቸገሩት ግን እዚህ ላይ ነው። በፌስቡክ ላይ ያለው ስም የቤት ስም ነው፣ ወይም የአባት ስም የለውም፣ ወይም በፓስፖርቱ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ ሌላ ነው። ከዚህ የባሰው የልደት ቀን ነው። ሴትየዋ የተወለደችው ታኅሣሥ 2 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። አካውንቱን አዲስ አበባ ሳለች ስትከፍት እንደለመደችው 2/4/1982 ብላ ሞላችው፤ ኮምፒዩተሩ ኤፕሪል 2 ቀን 1982 ብሎ መዘገበው። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ዲሴምበር 11 ቀን 1989 ነው። ስቶክሆልም ሆና ፓስፖርቷን ስትልክ አጣሪው የሚያየው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የሚለያዩ ሁለት ሰዎችን ነው። እሷ ቀድማ ካላስረዳችው ይህን የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም።

ደብዳቤው ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚመልስ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው በአማርኛ የተጻፈው ለአንባቢ እንዲገባ ነው፤ ለድርጅቱ የሚላከው በእንግሊዝኛ ወይም በሚኖሩበት አገር ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። የኢሜይሉ ርእስ መስመር ላይ `Subject access request – Article 15 GDPR` ተብሎ ቢጻፍ ደብዳቤው ከይግባኝ ክምር ወጥቶ ወደሚመለከተው ክፍል የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል።

ቀን፦ ማርች 2 ቀን 2026

ለ፦ ሜታ ፕላትፎርምስ አየርላንድ ሊሚትድ
የዳታ ጥበቃ ኃላፊ
ደብሊን፣ አየርላንድ

ከ፦ (ሙሉ ስም በፓስፖርት ላይ እንደተጻፈው)
ስቶክሆልም፣ ስዊድን

ጉዳዩ፦ በጂዲፒአር አንቀጽ 15 መሠረት የግል ዳታዬ ቅጂ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ከዚህ በታች የተገለጸው የፌስቡክ አካውንት ባለቤት ነኝ። አካውንቱ ከፌብሩዋሪ 9 ቀን 2026 ጀምሮ ስለታገደ ልገባበት አልቻልኩም። ይህ ደብዳቤ ይግባኝ አይደለም፤ ስለ እገዳው ይግባኜን ለብቻው አቅርቤአለሁ። ይህ በአንቀጽ 15 የተሰጠኝን መብት ለመጠቀም የቀረበ ጥያቄ ነው።

የአካውንቱ የፕሮፋይል አድራሻ (ሙሉ ሊንክ) ነው። አካውንቱ የተመዘገበው ይህ ደብዳቤ በተላከበት ኢሜይልና መጨረሻው (ሁለት አሃዝ) በሆነ የስልክ ቁጥር ሲሆን፣ የከፈትኩት እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ አዲስ አበባ ሆኜ ነው። በአካውንቱ ላይ የልደት ቀኔ ኤፕሪል 2 ቀን 1982 የሚል ነው። ይህ የሆነው በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የተወለድኩበትን ቀን፣ 2/4/1982፣ እንዳለ ስለሞላሁት ነው፤ ያው ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ዲሴምበር 11 ቀን 1989 ሲሆን በፓስፖርቴ ላይ ያለውም ይኸው ነው።

የምጠይቀው የሚከተሉትን የሚጨምር የግል ዳታዬን ሁሉ ቅጂ ነው፤ የጻፍኳቸውንና የጫንኳቸውን ጽሑፎች፣ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ከነቀናቸው፤ የላክኋቸውንና የተቀበልኳቸውን መልእክቶች፤ ወደ አካውንቱ የተገባባቸውን ጊዜያት፣ የአይፒ አድራሻዎችና መሣሪያዎች መዝገብ፤ የክፍያ መዝገቦችን፤ ለማስታወቂያ ሲባል ስለ እኔ የተያዙ ግምቶችን፤ እንዲሁም ከእገዳው ጋር የተያያዙ ጥቆማዎችን፣ ውሳኔዎችንና በማሽን የተሰጡ ምዘናዎችን። በአንቀጽ 15(1) የተዘረዘሩት ማብራሪያዎችም፣ በተለይ መረጃው ለምን ዓላማ እንደዋለ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና ለማን ለማን እንደተላለፈ ከነስማቸው፣ አብረው እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።

መረጃን ራስ በራስ የማውረጃው መሣሪያ ወደ አካውንቱ መግባትን ስለሚጠይቅ ልጠቀምበት አልችልም። ስለዚህ ቅጂው በሌላ አስተማማኝ መንገድ እንዲላክልኝ፣ ቅርጹም HTML እንዲሆንና ከተቻለ JSON እንዲጨመርበት እጠይቃለሁ።

መረጃው ሕጋዊ መብቴን ለማስከበር ስለሚያስፈልገኝ፣ ይህ ጥያቄ ሙሉ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ከአካውንቱ ምንም ነገር እንዳይሰረዝ በአንቀጽ 18(1)(ሐ) መሠረት እጠይቃለሁ።

ማንነቴን ለማረጋገጥ ተጨማሪ ነገር ካስፈለገ ምን እንደሆነ ሳይዘገይ እንዲገለጽልኝ፣ መልሱም በአንቀጽ 12(3) በተወሰነው አንድ ወር ውስጥ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬን በሙሉ ወይም በከፊል ካልተቀበላችሁት በአንቀጽ 12(4) መሠረት ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።

ከሰላምታ ጋር
(ስም እና ፊርማ)

ይህ ደብዳቤ ለአማርኛ አንባቢ ደረቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ማመልከቻ ስንጽፍ የችግራችንን ክብደት ማስረዳት፣ ስለ ልጆቻችን ማንሳት፣ በታላቅ ትሕትና መለመን የለመድን ሰዎች ነን። በይግባኝ ላይ ይህ ሊጠቅም ይችል ይሆናል። በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ልመና የበዛበትን ወረቀት ያነበበ ሠራተኛ አካውንት ለማስከፈት የቀረበ ጥያቄ ነው ብሎ ወደ ይግባኝ ክፍል ይመራዋል። የመጀመሪያው አንቀጽ «ይህ ይግባኝ አይደለም» የሚለው ለዚህ ነው።

ስለ ማውረጃው መሣሪያ የተጻፈው አንቀጽ ከሁሉም በላይ ሥራ የሚሠራው ነው። ድርጅቶች ለመረጃ ጥያቄ ቶሎ የሚሰጡት መልስ ወደዚያ መሣሪያ መምራት ነው። አካውንቱ ክፍት ለሆነ ሰው ይህ ተገቢ መልስ ነው፤ የተዘጋበት ሰው ግን ሊጠቀምበት እንደማይችል በደብዳቤው ላይ አስቀድሞ ከተጻፈ፣ ያንኑ መልስ መስጠት ጥያቄውን አለመመለስ እንደሆነ በኋላ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ማሳየት ቀላል ይሆናል።

እንዳይሰረዝ የሚለው ጥያቄ የገባው ጊዜ ስለሚሮጥ ነው። መድረኮች የታገደን አካውንት ለዘላለም አያቆዩትም፤ የይግባኝ ጊዜው ካለፈ በኋላ ለዘለቄታው ይዘጋና ይዘቱ ይሰረዛል። የሜታ የይግባኝ ጊዜ 180 ቀን ነው። ቅጂ የጠየቀ ሰው የይግባኙን መልስ እየጠበቀ ስድስት ወር ቢቆይ የሚቀዳ ነገር ላያገኝ ይችላል። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በተለያየ ደብዳቤ፣ መላክ ይሻላል።

«ለማን እንደተላለፈ ከነስማቸው» የሚለውም ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ድርጅቶች «ለማስታወቂያ አጋሮቻችን» ብለው በጅምላ ይመልሱ ነበር። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በኦስትሪያ ፖስታ ጉዳይ ላይ፣ ጠያቂው ከፈለገ የተቀባዮቹ ትክክለኛ ማንነት ሊነገረው እንደሚገባ ወስኗል፤ ይህ የሚቀረው ተቀባዮቹን ለይቶ ማወቅ የማይቻል ሲሆን ወይም ጥያቄው በግልጽ መሠረተ ቢስ ወይም ከመጠን ያለፈ ሲሆን ነው።

ደብዳቤው አካውንቱ ከተመዘገበበት ኢሜይል መላኩ ብቻውን ጠንካራ ማስረጃ ነው። ሃከር ኢሜይሉን ለውጦት ከሆነ፣ በለውጡ ሰዓት ወደ ድሮው ኢሜይል የመጣው የማስጠንቀቂያ መልእክት ይያያዛል። የፕሮፋይሉን ሊንክ የማያስታውስ ሰው የድሮ የማሳወቂያ ኢሜይሎቹን ቢያገላብጥ ወይም ሊንኩን አንድ ጓደኛው ከድሮ መልእክት ላይ ቢያወጣለት ያገኘዋል። ፓስወርድ በምንም ምክንያት አይጻፍም። ፓስፖርት ወይም መታወቂያ የሚላከው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ሲላክም ለማረጋገጫ የማያስፈልገው፣ ለምሳሌ የፓስፖርቱ ቁጥርና የስዊድን የግል ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች፣ ይሸፈንና በላዩ ላይ «ለመረጃ ጥያቄ ብቻ» ተብሎ ከቀኑ ጋር ይጻፍበታል። ከኢሜይሉ ሌላ አንድ ቅጂ በአደራ ደብዳቤ መላክ ጥሩ ነው፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ የአንዱን ወር መነሻ ቀን ከክርክር ያወጣል። በቴሌግራም «አካውንት እናስመልሳለን፣ መረጃ እናወጣለን» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ይህ ሁሉ ከቴምብሩ በቀር ምንም አያስከፍልም፤ ለእነሱ የሚሰጥ መታወቂያም ሌላ አደጋ ይዞ ይመጣል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ደብዳቤው ማርች 2 ቀን ከደረሰ ቀኑ የሚሞላው ኤፕሪል 2 ነው፤ ያ ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ቢውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል። ድርጅቱ ጉዳዩ ውስብስብ ነው ካለ ሁለት ወር መጨመር ይችላል፤ ይህን ግን ከነምክንያቱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በማንነት ላይ እውነተኛ ጥርጣሬ ኖሮት ሳይዘገይ ተጨማሪ ማስረጃ ከጠየቀ፣ ማስረጃው እስኪደርሰው ድረስ ሰዓቱ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሴትየዋ ማስረጃ በተጠየቀች ቀን ብትመልስ የምትጠቀመው ራሷ ናት።

የሚመጣው መልስ ወደ ማውረጃው መሣሪያ የሚመራ ከሆነ፣ አዲስ ደብዳቤ መጻፍ ሳያስፈልግ በዚያው ኢሜይል ላይ ሁለት መስመር ይበቃል፤ በማርች 2 ደብዳቤዬ እንደገለጽኩት መሣሪያውን ልጠቀምበት አልችልም፣ ጥያቄዬ እንዳልተመለሰ እቆጥረዋለሁ፣ ቀኑም አልተለወጠም ብሎ። ከእገዳው ጋር የተያያዘው መረጃ ላይ ደግሞ እምቢታ መጠበቅ ይቻላል። ድርጅቱ አጭበርባሪዎችን የሚለይበትን ዘዴ፣ ወይም ማን እንደጠቆመባት የሚያጋልጥ ነገር፣ ሊሰጣት አይገደድም። የሌሎችን መብት መጠበቅ በአንቀጽ 15(4) የተደነገገ ነው። ይህ ግን የእሷን ፎቶዎችና ጽሑፎች ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም፤ የሚሸፈነው ተሸፍኖ የቀረው መሰጠት አለበት።

አንድ ወር በዝምታ ካለፈ አቤቱታ ይቀርባል። አቤቱታው ደብሊን ድረስ መሄድ የለበትም፤ አንቀጽ 77 በሚኖሩበት አገር ላለው ተቆጣጣሪ ማቅረብን ይፈቅዳል። በስዊድን ይህ IMY በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የግላዊነት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ጉዳዩ ደብሊን ያለ ኩባንያን የሚመለከት ሲሆን IMY ከአየርላንዱ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽን ጋር ይያያዘዋል። የሚያስፈልገው የደብዳቤው ቅጂ፣ የተላከበት ማስረጃና የመጣው መልስ ነው።

ይህ መንገድ ውጤት አለው፤ ዝግታውም ከባድ ነው። ሽሬምስ ያቋቋመው ኖይብ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 በስፖቲፋይ ላይ የመረጃ ቅጂ ጥያቄን የሚመለከት አቤቱታ አቀረበ። IMY ስፖቲፋይን 58 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር የቀጣው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ነው። በመካከሉ ያለው ከአራት ዓመት በላይ ነው፤ በዚያ ላይ ኖይብ ባለሥልጣኑን ራሱን ስለ መዘግየቱ ፍርድ ቤት ማቅረብ ነበረበት። የአንድን ተራ ሰው መብት ለማስከበር ይህን ያህል ጊዜ መውሰዱ ተቀባይነት ያለው ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተሟላ እንዲሆን መድከም የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቅመው ድርጅቱ ራሱ በወሩ ሲመልስለት ነው።

መልሱ መጥቷል እንበል። የታመቀ ፋይል ነው፤ ሲፈታ በውስጡ ፎቶዎችና የጽሑፍ ፋይሎች በየአቃፊው ተቀምጠዋል። ደብዳቤው HTML እንዲሆን የጠየቀበት ምክንያት አሁን ይገለጣል። የፌስቡክ JSON ፋይል የአማርኛ ጽሑፍን ሲያወጣ የሚታወቅ ጉድለት አለበት። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ፋይሉ ግን ሦስቱን ባይቶች እንደ ሦስት የተለያዩ የላቲን ምልክቶች ይጽፋቸዋል። «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ኮድ ሆኖ ይወጣል። አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ `\u00e1` የሚል ወይም በ á የሚጀምር ትርጉም የለሽ ጽሑፍ መስመር በመስመር ካየ መረጃው ተበላሽቷል ብሎ መጣል የለበትም። ፊደሎቹ በሙሉ እዚያው አሉ፤ በፓይተን እንዲህ ይመለሳሉ፦

```python
s = "\u00e1\u0088\u00b0\u00e1\u0088\u008b\u00e1\u0088\u009d"
print(s.encode("latin-1").decode("utf-8"))
```

ይህ ሲሠራ «ሰላም» ብሎ ያትማል። በ HTML የመጣው ፋይል ግን በማንኛውም ብራውዘር ሲከፈት አማርኛውን እንዳለ ስለሚያሳይ ለማንበብ ይኸኛው ይበቃል። JSON የሚጠቅመው ሴትየዋ የደንበኞቿን ትእዛዝ ወደ ሠንጠረዥ ማስገባት ከፈለገች ነው።

የማይገኝም ነገር አለ። ሜታ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በሜሴንጀር ላይ የግል ለግል መልእክቶችን ከጫፍ እስከ ጫፍ በምስጢር መቆለፍ ጀምሯል፤ እንዲህ የተቆለፈውን ውይይት ኩባንያው ራሱ ሊያነበው ስለማይችል በጽሑፍ አውጥቶ አይልከውም። በዋትስአፕም እንዲሁ ነው። ለዚህ መፍትሔው ሌላው ወገን ነው፤ ደንበኛዋ ውይይቱ በራሷ ስልክ ላይ ስላላት ልኳንና ያዘዘችውን ስክሪንሾት አድርጋ ብትልክላት ጉዳዩ ያለ ማንም ፈቃድ ያልቃል።

የዚህች ሴት እኅት አዲስ አበባ ሆና ተመሳሳይ ነገር ቢገጥማትስ? እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። እስከ 2018 ድረስ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ያሉ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች፣ አፍሪካውያንን ጨምሮ፣ ውላቸው ከአየርላንዱ ኩባንያ ጋር ነበር። ጂዲፒአር ሥራ ላይ ሊውል ሲል ኩባንያው ከአውሮፓ ውጭ ያሉትን፣ አንድ ቢሊዮን ተኩል ያህል ሰዎችን፣ ወደ አሜሪካው ኩባንያ አዛወራቸው። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ወይም ጅዳ ያለ ሰው አንቀጽ 15ን ጠቅሶ ደብሊን ቢጽፍ የሚደርሰው መልስ ውልዎ ከእኛ ጋር አይደለም የሚል ነው። የዜግነት ጉዳይም አይደለም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ፍራንክፈርት የሚኖር ሰው መብቱ አለው። በእንግሊዝ የሚኖር የአገሩን ጂዲፒአር ይጠቅሳል፤ ጊዜው ያው አንድ ወር ነው። ካሊፎርኒያ የሚኖር የግዛቱን የሸማቾች ግላዊነት ሕግ ይጠቅሳል፤ እዚያ የመልሱ ጊዜ 45 ቀን ሲሆን በሌላ 45 ሊራዘም ይችላል።

ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተያዘውን መረጃ የማየት መብት ይሰጣል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አገር ውስጥ ላለ ባንክ ወይም አፕ የሚጻፍ ደብዳቤ ይህን አዋጅ ጠቅሶ ከላይ ባለው ቅርጽ ሊዘጋጅ ይችላል፤ የአንቀጾቹ ቁጥርና የመልሱ ቀን ብቻ ከአዋጁ ላይ ይወሰዳል። ባሕር ማዶ ላለ መድረክ ግን አዲስ አበባ ላለችው እኅት የተሻለው መንገድ አካውንቱ ክፍት ሳለ በ `Accounts Center` ገብታ ቅጂውን ዛሬውኑ ማውረድ፣ ቅርጹንም HTML ብላ መምረጥ ነው።